የክፍያ ድጋሚ ሙከራ እና የእፎይታ ጊዜ በደንበኝነት ሥርዓቶች

የክፍያ ድጋሚ ሙከራ እና የእፎይታ ጊዜ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ክፍያ በሚሰበስብ የሶፍትዌር አገልግሎት ውስጥ፣ የእድሳት ክፍያ ሳይሳካ ሲቀር የሚጀምሩ ሁለት ተያያዥ ሂደቶች ናቸው። ድጋሚ ሙከራ ማለት ያልተሳካውን ክፍያ በሌላ ጊዜ እንደገና ከካርዱ ላይ ለመቁረጥ መሞከር ነው። የእፎይታ ጊዜ ደግሞ ሙከራው ሲካሄድ ተጠቃሚው አገልግሎቱን እንዳይነጠቅ የሚሰጠው የቀናት ገደብ ነው። ሁለቱ አብረው ስለሚነሱ አንድ ነገር ይመስላሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው የገንዘብ ጉዳይ ሲሆን ሁለተኛው የመጠቀም መብት ጉዳይ ነው። ከፋይ ደንበኞች በስህተት የሚቆለፉባቸው አብዛኞቹ ሁኔታዎች የሚመነጩት ሁለቱ ጉዳዮች በዳታቤዙ ውስጥ በአንድ ዓምድ ሲጠቃለሉ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው የራሱን የጀርባ ሥርዓት ይዞ በካርድ ክፍያ በሚሰበስብ አገልግሎት ላይ ነው። የአፕል እና የጉግል ፕሌይ መደብሮች ሙከራውን ራሳቸው ስለሚያካሂዱ መጨረሻው አካባቢ ለብቻቸው ተነስተዋል።

== ክፍያው የማይሳካበት ምክንያት ==

ካርድ ያወጣው ባንክ ክፍያን ውድቅ ሲያደርግ አጭር የመልስ ኮድ ይልካል። ኮድ 51 በሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የለም ማለት ነው፤ ኮድ 91 የባንኩ ሥርዓት አልተገኘም ማለት ነው፤ 54 የካርዱ ጊዜ አልፏል፣ 41 ካርዱ ጠፍቷል፣ 43 ካርዱ ተሰርቋል ማለት ነው። ኮድ 05 ከሁሉም ግልጽነት የጎደለው ነው፤ ባንኩ ምክንያቱን ሳይናገር «አልከፍልም» የሚልበት ነው።

ለፕሮግራመሩ የሚጠቅመው ክፍፍል በሁለት ይጠቃለላል። በ51 እና በ91 ውድቅ የሆነ ክፍያ ጊዜ ሲያልፍ በራሱ ሊሳካ ይችላል፤ ደመወዝ ይገባል፣ ባንኩም ወደ ሥራ ይመለሳል። በ41 እና በ43 ውድቅ የሆነው ግን ያንኑ ካርድ መቶ ጊዜ ቢሞክሩት አይሳካም። ተጠቃሚው አዲስ ካርድ ማስገባት አለበት። ስለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት የሙከራ መርሐ ግብር አይሠራም፣ የሚሠራው ለተጠቃሚው የሚላክ መልእክት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ ሙከራው መቆሙ እፎይታውን አያስቀረውም። ካርዱ የተሰረቀበት ሰው አዲስ ካርድ እስኪደርሰው ድረስ ቀናት ያስፈልጉታል፣ ጥፋቱም የእሱ አይደለም።

በዘፈቀደ ደጋግሞ መሞከርም ገደብ አለው። ቪዛ አንድን ውድቅ የሆነ ክፍያ በ30 ቀን ውስጥ ከ15 ጊዜ በላይ መሞከርን አይፈቅድም፤ አንዳንድ ኮዶች ደግሞ ጨርሶ እንዳይደገሙ ይከለክላል። በየሰዓቱ የሚሞክር ሥርዓት ይህን ገደብ ገና በመጀመሪያው ቀን ያልፈዋል።

== ሁኔታዎቹ ==

ለአብዛኛው አገልግሎት አራት ሁኔታዎች ይበቃሉ። `active` ማለት ክፍያው ተሟልቷል ማለት ነው። `grace` ላይ ክፍያው አልተሳካም፣ አገልግሎቱ ግን ክፍት ነው። `on_hold` ላይ አገልግሎቱ ተዘግቷል፤ የተጠቃሚው ፋይሎች፣ ቅንብሮችና የተመዘገበው ዋጋ ግን እንዳሉ ይቆያሉ፣ ሙከራውም ሊቀጥል ይችላል። `ended` ደንበኝነቱ ያበቃበት ነው። ከ`grace` እና ከ`on_hold` ወደ `active` የሚመለሰው መንገድ ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት፤ ከ`ended` የሚመለስ ሰው ግን እንደ አዲስ ይመዘገባል።

የእነዚህ ስሞች ዋና ጥቅም ለሰው ነው፦ ለድጋፍ ሠራተኛ፣ ለሪፖርት፣ በማያ ገጹ ላይ ለሚታየው መልእክት። «ይህ ሰው አሁን መጠቀም ይችላል?» የሚለውን ጥያቄ ግን በስሞቹ መመለስ አደገኛ ነው። በኮዱ ውስጥ በሃያ ቦታ `status == "active"` የሚል ማጣሪያ ከተጻፈ፣ እፎይታ በተጨመረ ቀን ከሃያዎቹ አንዱ መረሳቱ አይቀርም። ተጠቃሚው ድረ ገጹን ከፍቶ ይገባል፣ ፋይል ለማውረድ ሲሞክር ግን ይከለከላል። የተሻለው ዘዴ መብቱን በአንድ የጊዜ ማኅተም መወሰን ነው፦

```python
def can_use(sub, now):
    if sub.revoked_at is not None:
        return False
    return now < sub.access_until
```

እዚህ ላይ ሁለት ቀኖች ተለያይተው ይቀመጣሉ። `paid_until` ገንዘብ የተከፈለበት ጊዜ መጨረሻ ነው። `access_until` በሩ የሚዘጋበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን የሚቀይረው የተሳካ ክፍያ ብቻ ነው። ሁለተኛውን የሚቀይረው ፖሊሲ ነው። `revoked_at` የሚሞላው ገንዘቡ ሲመለስ ወይም ማጭበርበር ሲረጋገጥ ነው።

ክፍያው በመደበኛ ሁኔታ ላይ እያለም `access_until` ከ`paid_until` ትንሽ መብለጥ አለበት፤ አንድ ቀን በቂ ነው። ምክንያቱ ተራ ነው፦ እድሳቱን የሚያካሂደው ሥራ ራሱ ሊዘገይ ይችላል። ሌሊት ላይ ያ ፕሮግራም ከወደቀ፣ አንድም ካርድ ውድቅ ሳይደረግ የዚያን ቀን ታዳሾች በሙሉ ይቆለፋሉ። ስትራይፕን በሚጠቀሙ ሥርዓቶች ላይ ይህ ስህተት ጸጥ ባለ መልክ ይታያል። ስትራይፕ የእድሳት ደረሰኙን መጀመሪያ በረቂቅ ይፈጥረዋል፣ ክፍያውን የሚሞክረው ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። ቀኑን የሚያራዝመው `invoice.paid` ሲደርሰው ብቻ የሆነና ምንም ትርፍ ጊዜ ያልተወ ሥርዓት፣ እያንዳንዱን ደንበኛ በየወሩ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆልፋል። ቅሬታዎቹ በየቀኑና በየሰዓቱ ተበታትነው ስለሚመጡ ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል።

በራሱ ፈቃድ የሰረዘ ሰው ጉዳይ ይለያል። እሱ የሚጠብቀው እድሳት ስለሌለ `access_until` ከ`paid_until` ጋር እኩል ይሆናል። እፎይታ ለመቆየት የሚፈልግ፣ ግን ክፍያው ያልሄደለት ሰው ነው።

== እፎይታው ከየት ይቆጠራል ==

የመጀመሪያው ክፍያ ሳይሳካ ሲቀር ወደ `grace` የሚደረገው ሽግግር በአንድ ትእዛዝ ሊጻፍ ይችላል፦

```sql
UPDATE subscriptions
SET state = 'grace',
    access_until = paid_until + interval '14 days'
WHERE id = $1
  AND state = 'active'
  AND paid_until = $2;
```

ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። 14ቱ ቀን የሚቆጠረው ከ`paid_until` እንጂ ከአሁኑ ሰዓት አይደለም። `now()` ቢጻፍና የ`state` ማጣሪያው ባይኖር ኖሮ በእያንዳንዱ ያልተሳካ ሙከራ እፎይታው እንደገና ይጀምር ነበር፤ በየሦስት ቀኑ የሚሞክር ሥርዓትም በሩን ሙከራው እስኪያበቃ ድረስ ሳይዘጋው ይቀራል። ሁለተኛው የ`WHERE` ሐረጉ ነው። ያው መልእክት ሁለት ጊዜ ቢመጣ ሁለተኛው ምንም አይቀይርም። ያለፈው ወር መልእክት ዘግይቶ ቢመጣም `paid_until` ስለማይገጥም ይታለፋል።

የእፎይታው ርዝመት ከሙከራው መርሐ ግብር ጋር መናበብ አለበት። እፎይታው 3 ቀን ሆኖ ሙከራው 14 ቀን የሚቆይ ከሆነ፣ በ10ኛው ቀን የሚከፍል ሰው ሳምንት ሙሉ ያለ ምክንያት ተቆልፎ ይቆያል። የስትራይፕ አውቶማቲክ ሙከራ የሚመክረው መነሻ በሁለት ሳምንት ውስጥ 8 ሙከራ ነው። ከዚያ ጋር የሚሄደው እፎይታ እንግዲህ 14 ቀን ገደማ ነው። ለሳምንታዊ ክፍያ ግን 14 ቀን ሁለት ሙሉ ክፍያ በነፃ መስጠት ስለሚሆን ማሳጠር ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው ክፍያ ላይ እፎይታ አይሰጥም። ገና ምንም ያልከፈለ ሰው ከፋይ ደንበኛ አይደለም፤ በባዶ ካርድ ተመዝግቦ ሁለት ሳምንት መጠቀምም ቀላል የማጭበርበሪያ መንገድ ይሆናል። ስትራይፕ ይህን ለይቶ `incomplete` በሚል ሁኔታ ይይዘዋል፣ ክፍያው በ23 ሰዓት ውስጥ ካልተጠናቀቀም ይዘጋዋል። ከነፃ የሙከራ ጊዜ ወደ ክፍያ የሚደረገው ሽግግር በመካከል ነው። አፕል እፎይታውን ለሁሉም እድሳት ወይስ ቀድሞ ከፍለው ለሚያድሱ ብቻ እንደሚሰጥ ምርጫውን ለገንቢው ትቶታል።

የሚያበቃበትን ሰዓት በተመለከተ፣ በዩቲሲ እኩለ ሌሊት የሚያበቃ እፎይታ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ለተጠቃሚው የሚላከው መልእክት «እስከ ዓርብ» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ዓርብ ጠዋት ተነስቶ ሊከፍል ያሰበ ሰው ተዘግቶ ያገኘዋል። ጊዜውን በዩቲሲ አስቀምጦ መልእክቱን በተጠቃሚው ሰዓትና የቀን አቆጣጠር መጻፍ ይሻላል።

== አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ==

አንዲት ተጠቃሚ በወር 10 ዶላር ትከፍላለች እንበል። የተከፈለው ጊዜ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 09:00 ዩቲሲ ላይ ያበቃል። እድሳቱ ሲሞከር ባንኳ ኮድ 51 ይመልሳል። ከላይ ያለው ትእዛዝ ይሠራል፤ ሁኔታዋ `grace` ይሆናል፣ `access_until` ማርች 15 ቀን 09:00 ይሆናል። አገልግሎቱን መጠቀሟን ትቀጥላለች፤ ክፍያው እንዳልተሳካና እስከ መቼ ማስተካከል እንደምትችል የሚገልጽ ኢሜይል ይደርሳታል። ሥርዓቱ ማርች 3፣ 6፣ 10 እና 14 ለመሞከር ቀጠሮ ይይዛል።

የማርች 3 ሙከራ በድጋሚ በ51 ይወድቃል። የማርች 6 ሙከራ ግን ከሁለቱም የተለየ ውጤት ያመጣል፦ ጥያቄው ተልኮ ለ30 ሰከንድ መልስ ሳይመጣ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ገንዘቡ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ይህ «አልተሳካም» ተብሎ ከተመዘገበ ማርች 10 ላይ ሌላ 10 ዶላር ሊቆረጥባት ነው። ስለዚህ ሙከራዎች በራሳቸው ሠንጠረዥ መመዝገብ አለባቸው፣ ከ`succeeded` እና ከ`failed` ሌላም ሦስተኛ ውጤት ያስፈልጋቸዋል፤ `unknown`።

ያልታወቀውን ሙከራ መፍታት የሚቻለው ጥያቄው ሲላክ `Idempotency-Key` የተባለው የራስጌ መስመር ተሞልቶ ከነበረ ነው። ያንኑ ቁልፍ ይዞ የመጣ ሁለተኛ ጥያቄ አዲስ ክፍያ አይፈጥርም፣ የፊተኛውን መልስ ይመልሳል። ቁልፉ ከደረሰኙ መለያና ከሙከራው ተራ ቁጥር ይሠራል፦

```text
inv_8841-attempt-3
```

የተራ ቁጥሩ ጉዳይ ከሁለቱም አቅጣጫ ያሳስታል። ቁልፉ የደረሰኙ መለያ ብቻ ቢሆን፣ ማርች 3 ላይ የተላከው ጥያቄ የማርች 1ን የ51 መልስ ሳይለወጥ ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ባንኩ ሳይጠየቅ ሙከራ የተደረገ ይመስላል። በየጥያቄው አዲስ የዘፈቀደ ቁልፍ ቢፈጠር ደግሞ ከመቋረጥ በኋላ የሚላከው ጥያቄ ሁለተኛ ክፍያ ይሆናል። ደንቡ ይህ ነው፦ በአንድ ሙከራ ውስጥ ቁልፉ አይቀየርም፤ ያልታወቀ ሙከራ ሳይፈታም ተራ ቁጥሩ አይጨምርም። ስትራይፕ ቁልፎቹን ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይይዛቸዋል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ የክፍያውን ሁኔታ በመለያው ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በምሳሌያችን ጥያቄው ከአምስት ደቂቃ በኋላ በዚያው ቁልፍ ሲላክ መልሱ «ተከፍሏል» የሚል ይሆናል። አሁን `paid_until` ወዴት ይሄዳል? ተጠቃሚዋ ከማርች 1 ጀምሮ ሳይቋረጥባት ስትጠቀም ስለነበር ወሩ የሚቆጠረው ከማርች 1 ነው፤ ቀጣዩ እድሳት ኤፕሪል 1 ይሆናል። ማርች 20 ላይ፣ ማለትም ከተቆለፈች ከአምስት ቀን በኋላ ከፍላ ቢሆን ኖሮ ግን ያልተጠቀመችበትን ጊዜ ማስከፈል አግባብ ስላልሆነ አዲሱ ወር ከማርች 20 ይጀምራል። አፕልም ጉግልም የሚከተሉት ይህንኑ ልማድ ነው።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። ክፍያው ከተሳካ ከአንድ ሰዓት በኋላ የማርች 3 ውድቀትን የሚያበስረው የዌብሁክ መልእክት ይደርሳል፤ ማርች 3 ላይ ሰርቨራችን ለጊዜው ስላልመለሰለት ላኪው ሲደጋግም ቆይቶ ነው። ስትራይፕ ያልደረሰ መልእክትን እስከ ሦስት ቀን ድረስ እየደጋገመ ይልካል፤ መልእክቶች በቅደም ተከተል እንደሚደርሱም ዋስትና አይሰጥም። መልእክቱን እንዳለ የሚያምን ኮድ አሁን የከፈለችውን ሴት ወደ ያልከፈለ ይመልሳታል። መፍትሔው ዌብሁክን እንደ ዜና ሳይሆን እንደ በር ማንኳኳት ማየት ነው፦ መልእክቱ ሲመጣ የደንበኝነቱን የአሁን ሁኔታ ከክፍያ አቅራቢው ጠይቆ፣ የሚመዘገበውም ያ መልስ ይሆናል።

== በሩ ሲዘጋ ==

`on_hold` ላይ የደረሰ ሰው አገልግሎቱን ያጣል፣ መለያውን ግን አያጣም። ወደ ክፍያ ገጹ መግባት፣ ካርድ መቀየርና የራሱን መረጃ ማውረድ መቻል አለበት። ይህ ግልጽ ቢመስልም በተግባር ይሰበራል። የተለመደው መንስኤ ሰርቨሩ ላልከፈለ ሰው 401 መመለሱ ነው። የስልክ መተግበሪያው 401ን «የመግቢያ ፈቃዱ አልፏል» ብሎ ይረዳና ተጠቃሚውን ያስወጣዋል፤ ተጠቃሚው እንደገና ይገባል፣ እንደገና ይወጣል፤ ሊከፍል ቢፈልግ እንኳ የሚከፍልበት ገጽ ላይ አይደርስም። 402 መልሶ መተግበሪያው የክፍያ ገጹን እንዲከፍት ማድረግ ችግሩን ያስወግደዋል።

አዲስ ካርድ ሲገባም ቀጣዩን የሙከራ ቀን መጠበቅ አያስፈልግም። ያልተከፈለው ደረሰኝ ወዲያውኑ፣ አዲስ ተራ ቁጥር ይዞ ይሞከራል፤ ሲሳካም መብቱ በዚያው ቅጽበት ይመለሳል። «ካርድዎን ተቀብለናል» ካለ በኋላ እስከ ሌሊቱ የእድሳት ሥራ ድረስ ቆልፎ የሚያቆይ ሥርዓት፣ የከፈለ ሰው ሁለተኛ ካርድ እንዲያስገባ ይገፋፋል።

== በአፕል እና በጉግል ፕሌይ ==

በመደብሮቹ በኩል የሚሸጥ ደንበኝነት ላይ ሙከራውን የሚያካሂደው መደብሩ ሲሆን የጀርባ ሥርዓቱ የሚያነበው ውጤቱን ነው። አፕል ክፍያውን እስከ 60 ቀን ድረስ ይሞክራል። እፎይታው ግን ገንቢው በአፕ ስቶር ኮኔክት ላይ ካላበራው የለም፤ ሲበራ የ3፣ የ16 ወይም የ28 ቀን ምርጫ አለው። እፎይታ ላይ ያለ ሰው `DID_FAIL_TO_RENEW` በሚል ማሳወቂያ፣ `GRACE_PERIOD` በሚል ንዑስ ዓይነት ይታወቃል። መታየት ያለበት ቀን `gracePeriodExpiresDate` ነው። የመጨረሻውን ግዢ ማብቂያ ቀን ብቻ የሚያነብ ኮድ እፎይታው ቢበራም ተጠቃሚውን ይቆልፋል፤ ቅንብሩ በርቶ ኮዱ ሳይቀየር የቀረባቸው መተግበሪያዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ጉግል በዚህ ረገድ ቀለል ይላል። በእፎይታ ላይ ሁኔታው `SUBSCRIPTION_STATE_IN_GRACE_PERIOD` ሲሆን `expiryTime` ራሱ ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ ቀኑን ከሰርቨሩ በየጊዜው የሚያነብ ሥርዓት ሳያውቀውም በትክክል ይሠራል። ቀኑን በግዢው ዕለት አንዴ አንብቦ ያስቀመጠ ግን አይሠራም። `SUBSCRIPTION_STATE_ON_HOLD` ሲመጣ መብቱ ይዘጋል።

== ስህተቱን ማወቅ ==

በስህተት የተቆለፈ ደንበኛ የስህተት መዝገብ ላይ አይታይም፤ ኮዱ የታዘዘውን ፈጽሟልና። የሚታየው መረጃዎች ሲነጻጸሩ ነው። በየሌሊቱ በክፍያ አቅራቢው ዘንድ የተከፈለላቸውን ደንበኝነቶች `access_until` ካለፈባቸው ጋር የሚያስተያይ ሥራ፣ ውጤቱ ሁልጊዜ ዜሮ መሆን አለበት። አንድም ስም ቢገኝ መብቱ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ይፈለጋል። ሁለተኛው ምልክት 402 ከተመለሰላቸው በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ካርድ ሳይቀይሩ ክፍያቸው የተሳካ ሰዎች ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ እፎይታው ከሙከራው መርሐ ግብር አጥሯል ማለት ነው።

ከመልቀቅ በፊት ለመሞከር የስትራይፕ የሙከራ ካርድ `4000000000000341` ይጠቅማል፤ ካርዱ ያለ ችግር ይመዘገባል፣ ክፍያ ሲሞከርበት ግን ውድቅ ይሆናል። የሙከራ ሰዓት የተባለው የስትራይፕ መሣሪያ ደግሞ ጊዜን ወደፊት ስለሚገፋ የ14 ቀኑን ሂደት በደቂቃዎች ማየት ያስችላል። በዚህ ሂደት መካከል ዌብሁክ ተቀባዩን ሆን ብሎ አጥፍቶ መልሶ ማብራት፣ ከላይ የተገለጸውን የዘገየ መልእክት ለመፍጠር አጭሩ መንገድ ነው።